ደንበኛ ያላረመው ምስክርነት

አንድ አቅራቢ ወይም ሥራ ተቋራጭ ለጨረታ የሚያያይዘው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ሲያስፈልገው ወደ ቀድሞ አሠሪው ቢሮ ይሄዳል። ኃላፊው በሥራው ረክቷል፣ ደብዳቤውን ለመስጠትም አያቅማማም፤ ጊዜ ግን የለውም። ስለዚህ «አንተው አርቅቀህ አምጣ፣ እንፈርምልሃለን» ይላል። በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት ለሌላ ድርጅት የተጻፈ ደብዳቤ አይጠፋም፤ ስምና ቀን ተቀይሮ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና «የተሰጣቸውን ሥራ በከፍተኛ ጥራት፣ በታማኝነትና በተያዘለት ጊዜ ያጠናቀቁ መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ ያበቃል። የጨረታ ገምጋሚው ከዚህ ወረቀት ላይ የሚፈልገው የሥራውን ዓይነት፣ የውሉን መጠን፣ ቀኑንና ማኅተሙን ነው። ምስጋናውን ዓይኑ ዘልሎት ያልፋል። ሁሉም ደብዳቤ ያንኑ ስለሚል ሠሪን ከሠሪ ለመለየት አይረዳውም።

ይህ ልማድ አሁን ከጨረታ ሰነድ ወጥቶ በግል ሙያቸው ወደሚያድሩ ሰዎች ተሻግሯል። መዝገብ የሚያደራጅ የሒሳብ ባለሙያ፣ የቤት ፊኒሺንግ የሚሠራ፣ የሚተረጉም፣ ዲዛይን የሚያደርግ ሁሉ በቴሌግራም ቻናሉ ወይም በሥራ ሐሳቡ ላይ የሚያኖረው አጭር የደንበኛ ቃል ይፈልጋል። የሚሰጠውም ምክር ያው ነው፤ ደንበኛው ሥራ ስለሚበዛበት ራስህ ጻፈውና አስተካክለህ ላክልኝ በለው ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል። ከረካ ደንበኛ እሺታ ማግኘት የዚህ ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪውም ዋጋ ያለውም እርማቱ ነው። ረቂቅ የሚመዘነው ስንት ደንበኛ ፈረመበት ተብሎ ሳይሆን ደንበኛው ምን ያህል ነክቶ መለሰው ተብሎ መሆን አለበት፤ ረቂቁም ከመጀመሪያው እንዲነካ ሆኖ መሠራት አለበት።

እሺታው ቀላል የሆነበትን ምክንያት እንይ። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሌላውን ሰው ፊት ለፊት እርዳታ ከመጠየቃቸው በፊት ስንቱ እሺ እንደሚላቸው እንዲገምቱ አድርገዋል። ጠያቂዎቹ የእሺ ባዮችን ቁጥር እስከ ግማሽ ድረስ አሳንሰው ገምተው ተገኙ። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ዋናው፣ ጠያቂው የሚያስበው ጥያቄው የሚያመጣውን ድካም ሲሆን ተጠያቂው ግን የሚያስበው ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት የሚያስከትለውን ሐፍረት መሆኑ ነው። ይህ ግኝት ለጠያቂው ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛው የሚያበረታታ ነው፤ የረካ ደንበኛን መጠየቅ የሚፈሩት ያህል አይከብድም። ሁለተኛው ግን ያስጠነቅቃል። ሰው እሺ የሚለው እምቢ ማለት ስለከበደው ከሆነ፣ እሺታው ብቻውን ስለ ሥራው ጥራት ብዙ አይመሰክርም። ይሉኝታ በበረታበት ማኅበረሰብ ይህ ክብደት ይጨምራል። ሻይ አብሮ የጠጣ፣ ለቅሶ የደረሰ ባለሙያ ተለማምጦ የላከውን አራት መስመር «ይህኛው እንኳ እንዲህ አይደለም» ብሎ መመለስ ለብዙ ሰው ከመፈረም ይልቅ ይከብደዋል።

ረቂቁ ራሱም ገለልተኛ አይደለም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከጥያቄው በፊት በተጠያቂዎቹ ፊት ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር ይሽከረከራል። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው ግን 45 አሉ። ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ ቁጥር መልስን ይህን ያህል ከጎተተ፣ ሥራውን የሠራው ባለሙያ ራሱ አስልቶ ያቀረበው ቁጥርማ ምን ያህል እንደሚጎትት መገመት አያዳግትም። «ወጪያችንን በ30 በመቶ ቀነሰልን» የሚል ረቂቅ የደረሰው ነጋዴ ደብተሩን ገልጦ አያሰላም። «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ ምስክር የሆነው ባለሙያው ነው፤ ደንበኛው ያዋሰው ስሙን ብቻ ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ ዘርዝረን እንየው። ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ አሉ እንበል። በየዓመቱ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጠራ ይደረጋል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ኩሽኔታ፣ ካንዴላና ፊልትሮ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ተቀጥራ ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ሰጠች፣ የገቢና የወጪ ካርድ አዘጋጀች፣ ሠራተኞቹንም አሠለጠነች። በቀጣዩ ሰኔ ቆጠራው ሲያልቅ ነጋዴው «ዘንድሮ እንኳ ሳንጣላ ቆጠርን» አሏት። የምስክርነቱ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያዋ ያችን ዓረፍተ ነገር በዚያው ዕለት እንደተነገረች በስልኳ ላይ ብትጽፋት ትልቅ ነገር ይዛለች። ከሁለት ወር በኋላ የምታስታውሰው «በሥራዬ ተደስተዋል» የሚለውን ብቻ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ለማንም የሚሆን ቃል ነው። ጥያቄውን ግን ያኔውኑ አታቀርብም። ሐምሌ ነጋዴው በግብር የሚዋከብበት ወር ነው። የራሷም ክፍያ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም የሚቀጥለው ዓመት ውል ገና በድርድር ላይ ከሆነ፣ እሱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ገንዘብ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ የተሰጠ ምስጋና የድርድሩ አካል ሆኖ ይቀራል።

ጊዜው ሲደርስ በመጀመሪያ በቃል ትጠይቃለች፤ ከዚያ እንዲህ ያለ መልእክት ትልካለች። «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የሰኔው ቆጠራ ሲያልቅ ‹ዘንድሮ እንኳ ሳንጣላ ቆጠርን› ብለውኝ ነበር። ይህንን ቃልዎን አዲስ ደንበኛ ሲጠይቀኝ ባሳየው ደስ ይለኛል። ጊዜዎን እንዳልወስድ ከነገሩኝ ተነስቼ ጥቂት መስመር ጽፌአለሁ። ባዶ የተውኳቸውን እርስዎ ይሙሏቸው፣ ያልሆነውን ይሰርዙት። ባይመችዎ ደግሞ ‹ይቅር› ይበሉኝ፤ ሥራችን እንደነበረው ይቀጥላል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ለትሕትና የገባች ማሳመሪያ አይደለችም። ለመከልከል የሚበቃውን ቃል ባለሙያዋ ራሷ ስላቀረበችላቸው ነጋዴው ምክንያት መፈለግ አይጠበቅባቸውም፤ የሚያስፈራቸው መዘዝም አስቀድሞ ተነስቷል።

ከመልእክቱ በታች የሚሄደው ረቂቅ ይህ ነው። «የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስንቆጥር መደርደሪያውና መዝገቡ አይገጥሙም ነበር። ባለሙያዋ ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ሰጥታ የገባውንና የወጣውን በየቀኑ እንድንመዘግብ አደረገች። መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን ነገር ______ ነበር። ዘንድሮ ቆጠራው በ______ ቀን አለቀ፤ በፊት ______ ይፈጅ ነበር። ሳንጣላ ቆጠርን።» በዚህ ረቂቅ ውስጥ ባለሙያዋ የጻፈችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ሁለቱም የሚያውቁት የሥራው ሂደት፣ ሌላው ከነጋዴው አፍ የወጣው ቃል። ፍርድ የሚጠይቀው ሁሉ ባዶ ነው። ስንት ቀን እንደፈጀ፣ በፊት ስንት እንደነበረ፣ ምን እንዳስቸገረ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። «ቀልጣፋ»፣ «ብቁ»፣ «ታማኝ» የሚል ቃል የለም። እነዚህን መጨመር ቢሹ ይጨምሩ፤ ከራሳቸው ከመጡ ክብደት ይኖራቸዋል። ባለሙያዋ ስለ ራሷ ከጻፈቻቸው ግን ነጋዴው በይሉኝታ አይሰርዟቸውም።

አሁን ረቂቁ እንዲህ ሆኖ ተመለሰ እንበል። «የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሰኔ ላይ ስንቆጥር መደርደሪያውና መዝገቡ አይገጥሙም ነበር፤ ዕቃ ሲጎድል የምጠረጥረው ልጆቹን ነበር። ባለሙያዋ ለዕቃው ሁሉ ቁጥር ሰጥታ ማታ ማታ ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት እንድንመዘግብ አደረገች። መጀመሪያ ሁለት ወር ልጆቹ እየረሱ አስቸግረውኛል። ዘንድሮ በሦስት ቀን ቆጠርን፤ በፊት ሳምንት ያልፍ ነበር። ፊልትሮ ላይ አሁንም ትንሽ ልዩነት አለ። ግን ሳንጣላ ቆጠርን።» ምን ተለወጠ? «በየቀኑ» የሚለው «ማታ ማታ» ሆነ፤ ሱቁ በተግባር የሚሠራበት ሰዓት ገባበት። ፊልትሮው ላይ የቀረው ጉድለት ገባ፤ ይህን ባለሙያዋ በራሷ እጅ አትጽፈውም ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ስለ ጥርጣሬው የተጨመረው ሐረግ ነው። ባለሙያዋ የሸጠችው የስቶክ ሥርዓት ነው፤ ነጋዴው የገዙት ግን ከሠራተኞቻቸው ጋር መስማማትን ኖሯል። ይህን የሚያነብ ሌላ ባለሱቅ፣ በራሱ ሱቅ ውስጥ ያለውን ቅሬታ ያገኝበታል። የትኛውም በቤት የተጻፈ ረቂቅ ይህን አያውቅም ነበር፤ ረቂቅ ባይላክ ደግሞ ነጋዴው ተቀምጠው አይጽፉትም ነበር። የሰው ረቂቅ ማረም ባዶ ወረቀት ከመሙላት ስለሚቀል ብቻ የወጣ እውነት ነው።

ረቂቁ አንድ ፊደል ሳይነካ «በጣም ጥሩ ነው» ተብሎ ቢመለስስ? ብዙ ባለሙያ ይህን የተሳካ ውጤት አድርጎ ይወስደዋል፤ በእኔ ግምት ግን የሚያሳስበው ይኸኛው ነው። ደንበኛው አንብቦት ከሆነ ቢያንስ ባዶዎቹን ይሞላ ነበር። ባዶዎቹ ሳይሞሉ መመለሳቸው አለመነበቡን ያጋልጣል፤ ባዶ ቦታ መተው አንዱ ጥቅሙም ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው መለጠፍ ሳይሆን ደውሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ ምን አስቸግሮዎት ነበር?» የሚል። ጥያቄው ስለ ችግር መሆኑ ለሰውየው ይሉኝታውን የሚጥልበት በር ይከፍትለታል። ነጋዴው ለባለሙያዋ በስልክ የሚነግሯት ሁለት ዓረፍተ ነገር ረቂቁን ያሟላዋል። ከዚያ በኋላ የተስተካከለውን ጽሑፍ መልሳ ልካ፣ የት እንደሚወጣና ስማቸው እንዴት እንደሚጻፍ ገልጻ፣ «ይሁን» የሚለውን መልስ በጽሑፍ ትቀበላለች። ያች መልስና የመጀመሪያው ረቂቅ አብረው ቢቀመጡ፣ ነገ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ነገር ቢመጣ ምን እንደተጻፈና ምን እንደታረመ ይታያል።

ለዚህ አሠራር የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ የሐቀኝነት ነው። ሰው ለራሱ ምስክርነት እየጻፈ ሌላውን ማስፈረሙ ማታለል አይደለም ወይ ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሕጎች መስመሩን የት እንዳሰመሩት ማየት ግን ይረዳል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለ ማስታወቂያ ምስክርነት ባወጣው መመሪያ፣ ምስክርነቱ የምስክሩን ንግግር ቃል በቃል እንዳይይዝ ይፈቅዳል፤ የሚያስገድደው የምስክሩን እውነተኛ አስተያየትና ልምድ እንዲያንጸባርቅ፣ ከአውድ ወጥቶ ወይም በሌላ ቃል ተጽፎ አሳቡን እንዳያዛባ ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኮሚሽኑ ደንብ ደግሞ የሐሰት ምስክርነት መጻፍን፣ መሸጥንና መግዛትን በገንዘብ ይቀጣል። ይህ በአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ የሚሞሉ፣ የሚተረጉሙና ቤት የሚያድሱ ኢትዮጵያውያን በቀጥታ የሚገዙበት ሕግ ነው። በአገር ቤትም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። እንግዲህ በሕግም በኅሊናም ጥያቄው ብዕሩን ማን ያዘ የሚለው አይደለም፤ ያልሆነ ነገር ተጽፏል ወይ፣ ባለቃሉስ ይህን ለማረም እውነተኛ ዕድል አግኝቷል ወይ የሚለው ነው። ባዶ ቦታው፣ የመከልከያው ቃልና የጽሑፍ ፈቃዱ ሦስቱም ለዚህ ዕድል የቆሙ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነጋዴው ወገን ይመጣል፤ ቁጥሬን ለምን አደባባይ አወጣለሁ ይላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የስንት ብር ዕቃ እንደጎደለበትና ሽያጩ በስንት እንዳደገ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ጎረቤት ተፎካካሪም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ አበዳሪም ያነበዋል። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ ብር መጠየቅ ስሕተት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የተጠየቀው ቀን ነው፤ ቆጠራው ስንት ቀን ፈጀ የሚል። ቀን፣ የድግግሞሽ ብዛት፣ የቀረ ምልልስ፣ ለመልመድ የፈጀ ጊዜ ለአንባቢ ከብር ያልተናነሰ ይናገራሉ፤ የነጋዴውን ጓዳ ግን አይከፍቱም። ስማቸው እንዳይወጣ ከፈለጉም «የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት፣ አዲስ አበባ» ብሎ ማስፈር ይቻላል። ስም የሌለው ቃል ክብደቱ መቀነሱ እውነት ነው፤ ቢሆንም ዝርዝር ያለው ስም የለሽ ቃል፣ ሙሉ ስምና ፎቶ ካለው ባዶ ሙገሳ ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የባለሙያው ነው። ለምን ጉድለቴን በገዛ ማስታወቂያዬ ላይ እጠይቃለሁ፣ «ልጆቹ እየረሱ አስቸገሩኝ» የሚለው ደንበኛ አያሸሽም ወይ ይላል። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስፒገል የምርምር ማዕከል የበይነ መረብ ገበያዎችን አጥንቶ፣ ሰው የመግዛት ዕድሉ ከፍ የሚለው የደንበኞች አማካይ ነጥብ ሙሉ 5 ሲሆን ሳይሆን ከ4.0 እስከ 4.7 ባለው መካከል ሲሆን ነው ብሏል፤ ፍጹም የሆነ ነጥብ ጥርጣሬ ይጭራል። ጥናቱ ስለ ዕቃ ሽያጭ እንጂ ስለ ሒሳብ ባለሙያ አይደለም፤ በቀጥታ መገልበጥ አይገባም። አቅጣጫው ግን ከገበያችን ልማድ ጋር ይስማማል፤ እንከኑን ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ በቀረው ነገር ይታመናል። ከዚህ በላይ ደግሞ የተጠቀሰው ችግር ለባለሙያዋ ራሷ ሥራ ያቀልላታል። «ሁለት ወር ያስቸግራል» የሚለውን አንብቦ የመጣ ደንበኛ በሦስተኛው ሳምንት «ይህ ነገር አልሠራም» ብሎ አይደውልም።

ሁሉም ሙያ ግን ይህን አሠራር አይችለውም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ በሕክምና ላይ ካለ ሰውና ባለበት ሁኔታ ምክንያት ለተጽዕኖ ከተጋለጠ ማንኛውም ሰው ምስክርነት መጠየቅን ይከለክላል። ደንቡ የተጻፈው ለአንድ ሙያ ቢሆንም ምክንያቱ ሰፊ ነው፤ እምቢ ለማለት ነጻ ያልሆነ ሰው የሰጠው ቃል ምስክርነት አይደለም። መምህር ውጤቱ ገና በእጁ ካለ ተማሪ፣ ጠበቃ ፋይሉ ካልተዘጋ ደንበኛ፣ አከራይ ኪራይ ሊጨምርበት ካለ ተከራይ ቢጠይቅ፣ ረቂቁ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው አያድነውም። ቅናሽ ወይም ስጦታ በምላሹ ማቅረብም ያው ነው፤ ከተሰጠም ከምስክርነቱ ጎን በግልጽ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ መፍትሔው የተሻለ ረቂቅ ማርቀቅ ሳይሆን ግንኙነቱ እስኪያበቃ መጠበቅ፣ ካልሆነም ጨርሶ አለመጠየቅ ነው።

የጨረታው ደብዳቤ ያጣው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ባለጉዳዩ ማርቀቁ አልነበረም ያበላሸው፣ ፈራሚው አለማረሙ ነው። ስለዚህ የደንበኛ ቃል የሚሰበስብ ባለሙያ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ምስክርነቶች አውጥቶ ከላካቸው ረቂቆች ጋር ቢያስተያይ ይጠቅመዋል። እንደላካቸው የተመለሱት የራሱ ማስታወቂያዎች ናቸው፤ አዲስ ደንበኛም እንደዚያው ያነባቸዋል። ተሰርዘው፣ ተጨምሮባቸውና አንዳንዴም ተነቅፎባቸው የተመለሱት ናቸው የደንበኛ ቃል የሚባሉት። ቁጥራቸው ከሦስት ባይበልጥም እነሱኑ ማቆየት፣ የቀሩትን ማውረድ ይሻላል።